የወላጅ የዋስትና ደብዳቤ ወሰን፦ የእንግሊዝ ተማሪዎች የጋራ ኪራይ እንደ ማሳያ

በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ሆነው አንድ ቤት ይከራያሉ። ተማሪ ቋሚ ገቢ ስለማይኖረው፣ አከራዩ ወይም ወኪሉ ኪራዩ ሳይከፈል ቢቀር የሚከፍል ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱም አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ነው። ወላጁ ደብዳቤውን ሲፈርም «ልጄ ኪራይዋን ካልከፈለች እኔ እከፍላለሁ» ማለቱ ይመስለዋል። ሰነዱ ግን ከዚህ በእጅጉ የሰፋ ግዴታ ሊይዝ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመነጭና በምን ዓይነት አገላለጽ እንደሚወገድ ማሳየት ነው።

የግዴታው ምንጭ

ዋስትና ተከታይ ግዴታ ነው፤ ስፋቱ የሚለካው በዋናው ባለዕዳ ግዴታ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ለመረዳት አስቀድሞ የኪራይ ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል። አምስት ተማሪዎች በአንድ ውል ላይ አብረው ከፈረሙ፣ በእንግሊዝ ሕግ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ይሆናሉ። በመካከላቸው ኪራዩን እኩል ቢካፈሉም፣ በአከራዩ ፊት እያንዳንዳቸው የሙሉው ኪራይ ባለዕዳ ናቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ለየክፍሉ የተለየ ውል የፈረመ እንደሆነ ግን ይህ መዘዝ አይከተልም።

በብዙ የዋስትና ደብዳቤዎች ላይ ወላጁ «ተከራይዋ በኪራይ ውሉ ያለባትን ግዴታ ሁሉ» እንደሚፈጽም ይገልጻል። ተከራይዋ በውሉ ያለባት ግዴታ የቤቱ ሙሉ ኪራይ ከሆነ፣ የወላጁም ዋስትና የቤቱን ሙሉ ኪራይ ይሸፍናል። በደብዳቤው ላይ የሌሎቹ ተማሪዎች ስም አለመጠቀሱ ይህን አይለውጠውም።

አንድ ምሳሌ

የአንድ ቤት ወርኃዊ ኪራይ 2,500 ፓውንድ ነው እንበል። አምስቱ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 500 ፓውንድ ያዋጣሉ። የአራቱ ወላጆች ከላይ በተጠቀሰው አገላለጽ የተጻፈ ደብዳቤ ፈርመዋል፤ የአምስተኛው ወላጅ ግን በሌላ አገር ስለሚኖር ዋስ አልሆነም። አምስተኛው ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ መክፈል ያቆማል፤ በአራት ወር ውስጥም 2,000 ፓውንድ ውዝፍ ይከማቻል። ሌሎቹ አራቱ ድርሻቸውን በየወሩ በጊዜው ከፍለዋል።

አከራዩ ከአራቱ ወላጆች መካከል ገንዘቡ በቀላሉ የሚገኝበትን አንዱን መርጦ 2,000 ፓውንዱን በሙሉ ሊጠይቅ ይችላል። ወላጁ «ልጄ አንድም ወር አላጓደለችም» ቢል መከላከያ አይሆነውም፤ በሕግ ዓይን ውዝፉ የልጁም ዕዳ ነውና። ከከፈለ በኋላ ግን በአከራዩ ቦታ ተተክቶ ገንዘቡን ከአምስተኛው ተማሪ መጠየቅ ይችላል። ለአንድ ዕዳ ዋስ የሆኑ ሰዎች፣ በተለያየ ሰነድ ቢፈርሙም እንኳ፣ ሸክሙን እንዲካፈሉ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ከ1787 ጀምሮ አጽንተዋል። በዚህም መሠረት ከሌሎቹ ሦስት ወላጆች ከእያንዳንዳቸው 500 ፓውንድ ሊጠይቅ መብት አለው። ይሁንና ይህን መብት ለማስከበር የሚደክመውና ወጪ የሚያወጣው አከራዩ ሳይሆን የከፈለው ወላጅ ነው።

ዋሱ መቼ ይጠየቃል?

ሁለተኛው የተለመደ አለመግባባት ቅደም ተከተልን ይመለከታል። ብዙ ወላጆች አከራዩ በመጀመሪያ ተማሪዋን ከስሶ ካልተሳካለት ብቻ ወደ እነርሱ እንደሚመጣ ይገምታሉ። በእንግሊዝ ሕግ ደብዳቤው ራሱ ይህን ካላዘዘ በስተቀር አከራዩ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም፤ ኪራዩ በቀኑ እንዳልተከፈለ ዋሱን መጠየቅ ይችላል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሁለት ዓይነት ዋስ ይለያል። ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ግዴታ የገባ ዋስ ወዲያውኑ ሊጠየቅ ሲችል፣ ተራው ዋስ አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት እንዲፈለግ የመጠየቅ መብት አለው።

የመጠን ጣሪያ ብቻውን ይበቃልን?

በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው ጉልህ ልዩነት በመጠን ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋስትና በግምት እንደማይወሰድና ከተገለጸው ወሰን እንደማያልፍ ይደነግጋል። በዚያው ቁጥር ንዑስ ቁጥር 3 ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጠቀሰበት የዋስትና ውል ዋጋ እንደሌለው ይገልጻል። የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለ ጣሪያ አያስገድድም። በ1677 የወጣው ሕግ ክፍል 4 የሚጠይቀው ዋስትናው በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ እንዲፈርምበት ብቻ ነው።

ከላይ ያለው ምሳሌ እንደሚያሳየው ግን ጣሪያ ብቻውን ወላጁን አያድነውም። ደብዳቤው «በጠቅላላው ከ6,000 ፓውንድ ሳይበልጥ» ቢል፣ ይህም የአንድ ተማሪ የዓመት ድርሻ ነው፣ የአምስተኛው ተማሪ 2,000 ፓውንድ ከጣሪያው በታች ስለሆነ ወላጁ አሁንም ይከፍላል። ጣሪያ የሚመልሰው «ስንት?» የሚለውን ጥያቄ ሲሆን «የማን ዕዳ?» የሚለውን ክፍት ይተወዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ሁለቱንም ሊመልስ ይገባዋል፤ ለምሳሌ፦

«ዋሱ የሚከፍለው ተከራይዋ በወር ልትከፍለው ከሚገባት 500 ፓውንድ ድርሻ ያልተከፈለውን ብቻ ነው፤ ጠቅላላው መጠን ከ6,000 ፓውንድ አይበልጥም። ዋሱ ለሌሎች ተከራዮች ድርሻ ተጠያቂ አይሆንም።»

በዚህ አገላለጽ የተሠራ ደብዳቤ ቢኖር ኖሮ በምሳሌው ላይ ወላጁ ለ2,000 ፓውንዱ አይጠየቅም ነበር። ልጁ ግን በኪራይ ውሉ መሠረት ተጠያቂ እንደሆነች ትቆያለች፤ የደብዳቤው ወሰን የሚጠብቀው ዋሱን እንጂ ተከራይዋን አይደለም።

ውሉ ሲለወጥ

ዋሱ የፈረመው ለአንድ የታወቀ ውል ነው። በ1878 በሆልምና በብሩንስኪል መካከል የነበረው ክርክር የዚህን መርህ ወሰን አስቀምጧል። ዋሱ ዋስ የሆነው አንድ የእርሻ ተከራይ ከእርሻው ጋር የተረከበውን የበግ መንጋ በነበረበት ሁኔታ እንዲመልስ ነበር። አከራዩና ተከራዩ ዋሱን ሳያማክሩ አንድ መስክ ከኪራዩ እንዲወጣ ኪራዩም እንዲቀንስ ተስማሙ። ፍርድ ቤቱም ለውጡ ዋሱን እንደማይጎዳ ያለ ምርመራ ግልጽ ካልሆነ በስተቀር ዋሱ ነጻ እንደሚሆን ወሰነ።

ይህ ጥበቃ ግን በደብዳቤው ቃል ሊሻር ይችላል። «ኪራዩ ቢጨምር ወይም ውሉ ቢታደስም ዋስትናው ይጸናል» የሚል ሐረግ ወላጁን ከመርሁ ጥቅም ውጭ ያደርገዋል። በ2025 የወጣው የእንግሊዝ የተከራዮች መብት ሕግ በአብዛኛው የግል መኖሪያ ቤት ኪራይ ውል የማብቂያ ቀን እንዳይኖረው ስለሚያደርግ፣ ሐረጉ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው። «ኪራዩ እስካለ ድረስ» የሚል ዋስትና ተማሪዋ ከተመረቀች በኋላም ሊቀጥል ይችላልና። በመሆኑም ከዕዳው ባለቤትና ከመጠኑ ቀጥሎ በደብዳቤው ላይ መስፈር ያለበት ሦስተኛው ነገር ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን ነው።