ሎጎው ሲቆረጥ ከፎቶው ምን ይጎድላል?

ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ግርጌው ላይ የድረ ገጹ ሎጎ ታትሞበት ሲገኝ፣ «ክሮፕ ካደረግነው ጥራቱ ይወርዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ክሮፕ ማድረግ የፒክሰሎቹን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ የቀሩትን ፒክሰሎች አይነካቸውም።

ወርዱ 1600፣ ቁመቱ 1200 ፒክሰል የሆነ ፎቶ እንውሰድ። ሎጎው ያረፈበት የግርጌ ጥብጣብ ቁመቱ 80 ፒክሰል ቢሆን፣ ስናነሳው ከ1,920,000 ፒክሰል 128,000 ይሄዳል፤ ይህም 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። ለመጽሔት እንደተለመደው በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል ከታተመ ወርዱ 13.5 ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ይቀራል፤ ቁመቱ ግን ከ10.2 ወደ 9.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የጎደለው ይኸው ነው።

ኪሳራው የሚጨምረው የፎቶውን የቀድሞ ቅርጽ እንጠብቅ ስንል ነው። ያኔ ወርዱም ወደ 1493 መውረድ ስላለበት ጉድለቱ 13 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሎጎው ጥግ ላይ ከሆነም የትኛው ጎን እንደሚቆረጥ ማስላት ይገባል። ወርዱ 300፣ ቁመቱ 80 የሆነ ሎጎ ከታች ከተቆረጠ 128,000 ፒክሰል ይወስዳል፤ ከጎን ከተቆረጠ ግን 360,000።

ጥራትን በእርግጥ የሚጎዳው ከመቁረጡ በፊትና በኋላ የሚደረገው ነው። ብዙ ሰው ፋይሉን ከማውረድ ይልቅ ፎቶውን በስልኩ ከፍቶ ስክሪንሾት ያነሳና እሱን ይቆርጣል። የስልኩ ስክሪን ወርድ 720 ፒክሰል ከሆነ ያ ባለ 1600 ፎቶ 720 በ540 ሆኖ ይቀራል፤ ከአምስት አራቱ እጅ ሎጎው ሳይነካ ጠፋ ማለት ነው! የተቆረጠውን ፎቶ መልሶ ወደ 1200 መለጠጥም የጠፋውን አይመልስም፤ ፕሮግራሙ በግምት ይሞላዋል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ጄፔግ ፋይል ደግሞ ተቆርጦ በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ይጨመቃል። አንዴ በከፍተኛ ጥራት ቢቀመጥ በዓይን አይለይም፤ ሲደጋገም ግን በፊደላትና በስለታም ጠርዞች ዙሪያ እንደ ቆሻሻ ያለ ነጠብጣብ ይታያል። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ በቴሌግራም ሲልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ፎቶውን የመጠቀም መብት ላለው ሰው ነው፤ የባለቤትነት ጊዜው ላለፈ አሮጌ ፎቶ፣ ወይም ባለቤቱ ለፈቀደው። ያልተገዛን የሽያጭ ናሙና ሎጎውን ቆርጦ ማተም ስርቆት ነው። በኢትዮጵያም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሎጎው ውስጥ የፎቶ አንሺው ስም ካለ፣ ከመቁረጥዎ በፊት ገልብጠው ከፎቶው ሥር ይጻፉት።