ዳሽቦርዱ 356 ካለ፣ 356 ነው

ክረምቱ ወጥቶ የወባ ወቅት ሲገባ በቆላማ ወረዳዎች ያሉ የጤና ጽሕፈት ቤቶች ፋታ የላቸውም። ጤና ጣቢያዎች ከሰኞ እስከ እሁድ ያዩትን ሕመምተኛ ቆጥረው ይልካሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚገባው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው፣ መሠረቱ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው የጤና መረጃ ሥርዓት ውስጥ ነው። ሥርዓቱ ቁጥሩን ደማምሮ በሳጥንና በግራፍ ያሳያል። ይህ ማሳያ ገጽ ነው ዳሽቦርድ የሚባለው። ከዚያ አንድ ሰው ገጹን በስክሪንሾት ያነሣና በቴሌግራም ለቅኝት ባለሙያው ይልካል፤ «የሳምንቱን አንቀጽ ጻፍልን» የሚል መልእክት ይከተላል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ስድስት ሰባት ቁጥር አይቶ አራት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ስሕተቱም የሚገባው ቀላል ስለሚመስል ነው።

ለማሳያ የሚሆን አንድ ስክሪንሾት እዚሁ እንፍጠር። ከላይ «ሳምንት 40፣ 2024» ይላል። በአንድ ሳጥን ውስጥ የተመረመሩ 1,184፣ በሌላው ወባ የተገኘባቸው 356፣ በሦስተኛው 30.1% ተጽፏል። የሪፖርት ምሉዕነት 84.6% ነው። «በወባ የሞቱ» የሚለው ሳጥን ሰረዝ ብቻ ነው ያለበት። ከታች የመስመር ግራፍ አለ፤ በሳምንት 39 ነጥብ ላይ 412 የሚል ይነበባል፣ የዚያ ሳምንት ምሉዕነትም 96.2% ተብሎ ከጎኑ ሠፍሯል። ከዚያ ወደ ኋላ ያሉት ነጥቦች ቁጥር የላቸውም። በገጹ ግርጌ «መጨረሻ የታደሰው 08/10/2024 02:14» ይላል።

አሁን የተቻኮለ ሰው የሚጽፈውን እንይ፦ «በ40ኛው ሳምንት የወባ ሕሙማን ቁጥር በ13.6% ቀንሶ ወደ 350 ወርዷል፤ ከተመረመሩት 30% ያህሉ ወባ ተገኝቶባቸዋል፤ ሞት አልተመዘገበም።» ሲነበብ ያምራል። ስክሪንሾቱን ይዞ የሚያመሳክር ሰው ግን 350 የሚል ቁጥር አያገኝም፣ 30% አያገኝም፣ 13.6%ም አያገኝም። ሞት አልተመዘገበም የሚለውም ከገጹ ላይ የለም። በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ነገር ተጨምሯል ማለት ነው፤ ጸሐፊው ግን አንዱንም ዋሸሁ ብሎ አያስብም።

ከማጠጋጋቱ እንጀምር። 356ን ሲከፍሉት ለ1,184 ውጤቱ 30.07 ይመጣል። ዳሽቦርዱ ወደ አንድ አሐዝ አጠጋግቶ 30.1% ብሏል። አንዱ ባለሙያ «30% ይበቃል» ይላል፤ ሌላው ኤክሴል ከፍቶ 30.07% ይጽፋል፣ ይበልጥ ትክክል የሆነ ይመስለዋል። ሁለቱም አንባቢውን ያስቸግራሉ። ዞኑ ላይ ያለው ሰው ያንኑ ዳሽቦርድ ከፍቶ 30.1% ሲያይ «የማን ነው ትክክሉ?» ብሎ ስልክ ይደውላል። ስለዚህ 30.1% ተብሎ ይጻፋል፤ ከነነጥቡ፣ ከነፐርሰንቱ።

ችግሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል። አንዳንድ ዳሽቦርድ ቦታ ለመቆጠብ 1,184ን 1.2K ብሎ ያሳጥራል። ይህን ያየ ሰው 1,200 ብሎ ሲጽፍ ስክሪኑ ያልሰጠውን ሁለት ዜሮ ከራሱ ጨመረ። የተጠጋጋ 1.2K ከ1,150 እስከ 1,249 ያለ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ሳጥኑን ነክቶ ሙሉ ቁጥሩን ማየት ነው፤ ያ ካልተቻለ «1.2ሺ (በዳሽቦርዱ ተጠጋግቶ እንደታየው)» ብሎ መተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ስለ ኢትዮጵያ የወባ ወረርሽኝ ያወጣው መረጃ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት ሪፖርት መደረጉን ይገልጻል። አንዱ ቁጥር ተጠጋግቷል፣ ሌላው እስከ መጨረሻው ሰው ተቆጥሯል። የሚጠቅሰው ሰው የመጀመሪያውን 7,300,000፣ ሁለተኛውን ደግሞ «1,200 ገደማ» የማድረግ መብት የለውም።

ከሁሉ የከፋው ግን የሰረዙ ጉዳይ ነው። የሞት ሳጥኑ ውስጥ ሰረዝ አለ፤ ዜሮ የለም። በበሽታ ቅኝት ሥራ ዜሮ ራሱ ሪፖርት ነው፤ «ፈልገን አጣን» ማለት ነው። ባዶ ቦታ ግን «አልነገሩንም» ሊሆን ይችላል። ነገሩን የሚያወሳስበው የሥርዓቱ ጠባይ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 ለአንድ የመረጃ ዓይነት ዜሮን እንዲያከማች ተለይቶ ካልታዘዘ በቀር የተጻፈለትን ዜሮ አያስቀምጥም። እናም ጤና ጣቢያው በትጋት 0 ጽፎ ልኮ ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ሳይሞላው አልፎትም ሊሆን ይችላል፤ ስክሪኑ ላይ ሁለቱ አይለዩም። ስክሪንሾት ብቻ በእጁ ያለ ጸሐፊ ማለት የሚችለው «በሞት ሳጥን ውስጥ ቁጥር አልታየም» የሚለውን ነው። «ሞት የለም» ለማለት ስልክ መደወል ይጠይቃል።

ቀነሰ የሚለው ቃልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 412 ወደ 356 መውረዱ እውነት ነው፤ ሁለቱም ገጹ ላይ አሉ። ግን ምሉዕነቱም ከ96.2% ወደ 84.6% ወርዷል። ምሉዕነት ማለት ሪፖርት ይልካሉ ተብለው ከሚጠበቁት ተቋማት ስንቱ ላከ ማለት ነው። ወረዳው 26 ተቋማት አሉት እንበል። 96.2% ማለት 25ቱ ልከዋል፣ 84.6% ማለት ደግሞ 22ቱ ብቻ ልከዋል ማለት ይሆናል። በሳምንት 39 ለአንድ ላኪ ተቋም በአማካይ 16.5 ሕሙማን ይደርሱት ነበር፤ በሳምንት 40 ደግሞ 16.2። ስለዚህ የጠፉት 56 ሕሙማን በአብዛኛው ከወባ የዳኑ ሳይሆኑ ሪፖርታቸው ያልደረሰ ሦስት ተቋማት በር ላይ የተሰለፉ ሊሆኑ ይችላሉ። «በ13.6% ቀነሰ» የሚለውን ያነበበ ኃላፊ የመመርመሪያ ኪቱን ወደ ሌላ ወረዳ ሊያዞር ይችላል። ሒሳቡ ልክ ሆኖ ሪፖርቱ ሊያሳስት የሚችለው እንዲህ ነው።

ታዲያ ማስላት ክልክል ነው? አይደለም። የተሰላው ከታየው ጋር እንዳይቀላቀል ብቻ ነው። 16.5ና 16.2 ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ለብቻቸው በሆነ ዓረፍተ ነገር፣ «በእኛ ስሌት» ተብለው፣ 26 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣም ተጠቅሶ መግባት አለባቸው። ቁጥር የሌላቸው የግራፍ ነጥቦች ደግሞ በዓይን ግምት ቁጥር አይሰጣቸውም። መስመሩ ከሳምንት 36 ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ይቻላል፤ «ሳምንት 37 ላይ 300 አካባቢ ነበር» ማለት ግን አይቻልም።

ቀኑና ሰዓቱ በእኛ አገር ልዩ ወጥመድ አላቸው። ሳምንት 40 የሚለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የ2024 ሳምንት 40 ከሴፕቴምበር 30 እስከ ኦክቶበር 6 ሲሆን፣ በእኛ ከመስከረም 20 እስከ 26 ቀን 2017 ይውላል። አዲሱን ዓመት ከተቀበልን ገና ወር አልሞላም። «በዓመቱ 40ኛ ሳምንት» ብሎ ከ2017 ጋር ማያያዝ አንባቢውን ወደ ሰኔ ይወስደዋል። 02:14ም ከቀኑ ሁለት ሰዓት አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:14 ነው። ይህ ሰዓት ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። የዲኤችአይኤስ 2 ዳሽቦርድ የሚያሳየው አስቀድሞ ተደምሮ የተዘጋጀ መረጃ ነው፤ ድመራው ብዙ ጊዜ ሌሊት ይካሄዳል። ማክሰኞ ጠዋት የገባ ሪፖርት በማክሰኞ ጠዋቱ ስክሪንሾት ላይ ላይታይ ይችላል። የዘገዩት ሦስት ተቋማት ረቡዕ ቢልኩ ሐሙስ ዳሽቦርዱ ሌላ ቁጥር ያሳያል። ያኔ «356 ከየት አመጣችሁ?» ለሚል ሰው መልሱ ያ የሰዓት ማኅተም ብቻ ነው።

እንግዲህ አንቀጹ እንዲህ ይሆናል፦

«በሳምንት 40፣ 2024 (ከመስከረም 20 እስከ 26 ቀን 2017) በወረዳው 1,184 ሰዎች ተመርምረው 356ቱ ወባ ተገኝቶባቸዋል፤ ዳሽቦርዱ ያሳየው መጠን 30.1% ነው። በሳምንት 39 የታየው ቁጥር 412 ነበር። የሪፖርት ምሉዕነት ግን ከ96.2% ወደ 84.6% ስለወረደ ሁለቱን ሳምንታት በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም። በሞት ሳጥን ውስጥ ቁጥር አልታየም፤ ከተቋማቱ እየተጣራ ነው። ቁጥሮቹ በ08/10/2024 02:14 ከታደሰው ዳሽቦርድ የተወሰዱ ናቸው።»

ከተቻኮለው ረቂቅ ይረዝማል፣ እንደዚያም አያምርም። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ብቻ ነው ሪፖርት የሚባለው፤ የፊተኛው አስተያየት ነው።

አንድ የቴክኒክ ነገር ልጨምር። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል፤ በተጨመቀ ምስል ላይ 3 እና 8፣ 1 እና 7 ይምታታሉ። 356 ወይስ 856? በእርግጥ 856 ቢሆን መጠኑ 30.1% ሊሆን አይችልም፤ ማካፈል ለማጣራት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን ለመተካት ግን አይደለም። ከተጠራጠራችሁ ላኪው ምስሉን በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ እንዲልከው ጠይቁ። ሳጥኖቹ እርስ በርስ ባይደማመሩም አታስተካክሉ። ፋልሲፓረም 241፣ ቫይቫክስ 98፣ ድብልቅ 14 ተብሎ ድምሩ 353 ቢሆን፣ ሦስቱም ከ356ቱ ጋር እንዳሉ ይጻፉና ልዩነቱ 3 መሆኑ ይነገር። ምክንያቱን የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ጤና ጣቢያ ነው።

አንቀጹን ከመላካችሁ በፊት ስክሪንሾቱን ለባልደረባችሁ ስጡና ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። እሱ እያንዳንዱን ቁጥር ምስሉ ላይ በጣቱ ይንካ። ጣቱ የሚያርፍበት ያጣውን ቁጥር ወይ አውጡት፣ ወይ «በእኛ ስሌት» በሉት።