ደመወዛችን አደገ ወይስ ቁጥሩ ብቻ?



በአስተማሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት የደመወዝ ጭማሪ በተሰማ ቁጥር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁለት ዓይነት ንግግር እሰማ ነበር። አንዱ «አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ጥሩ ተጨመረልን» ሲል፣ ሌላው «ድሮ በዚያች ትንሽ ደመወዝ ይሻለን ነበር» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት በስሜት ነው እንጂ አስልቶ የሚያውቅ አልነበረም። ስሌቱ ግን ከአራቱ መሠረታዊ የሒሳብ ስሌቶች ማባዛትና ማካፈልን ብቻ ነው የሚፈልገው። ዛሬ በአንድ ምሳሌ አብረን እንሥራው።

መጀመሪያ፦ ዋጋ ስንት እጥፍ ሆነ?

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር ያወጣል። ይህ ቁጥር አንድ ቤተሰብ የሚገዛቸውን ነገሮች፣ ማለትም እህል፣ ዘይት፣ ልብስ፣ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና የመሳሰሉትን ዋጋ አንድ ላይ አድርጎ የሚለካ ነው። ዜና ላይ የምንሰማው የዓመት ግሽበት የሚወጣው ከዚሁ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር የአራት ዓመት አማካይ ግሽበት ተጠጋግቶ እንዲህ ነበር፦ በ2020 20 በመቶ፣ በ2021 27 በመቶ፣ በ2022 34 በመቶ፣ በ2023 30 በመቶ። ከ2019 እስከ 2023 ዋጋ በጠቅላላ ስንት ጨመረ ስንል፣ ብዙ ሰው አራቱን ይደምርና 111 በመቶ ይላል። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። የሁለተኛው ዓመት 27 በመቶ የተጨመረው በ2019 ዋጋ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በ20 በመቶ በተወደደው ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ መደመር ሳይሆን ማባዛት ያስፈልጋል፦

1.20 × 1.27 × 1.34 × 1.30 = 2.65 (ገደማ)

በ2019 100 ብር ያወጣ የነበረው ዘንቢል በ2023 265 ብር ገደማ ያወጣል ማለት ነው። በመደመር ግን 211 ብር ነው የሚመስለን። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

እግረ መንገዳችንን፣ ግሽበት ከ34 ወደ 30 «ቀነሰ» ሲባል ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም። ዋጋው አሁንም እየወጣ ነው፤ የቀነሰው የሚወጣበት ፍጥነት ብቻ ነው።

የደመወዝ ስሌት

በ2019 እጁ ላይ የሚደርሰው 6,000 ብር የነበረ አንድ አስተማሪ እናስብ። በ2023 ደግሞ 11,000 ብር ይደርሰዋል እንበል። በቁጥር ሲታይ ደመወዙ በ83 በመቶ አድጓል።

አሁን የድሮውን ደመወዝ በ2.65 እናባዛው፤ 15,900 ብር ይሆናል። ይህ ሰው በ2019 ይኖር የነበረውን ኑሮ በ2023 ለመኖር 15,900 ብር ያስፈልገው ነበር። ያገኘው ግን 11,000 ነው። ከሌላው አቅጣጫ ብናየው፣ 11,000ን ለ2.65 ስናካፍል 4,150 ብር ገደማ እናገኛለን። በ2023 11,000 ብር ይገዛ የነበረው በ2019 4,150 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። የመግዛት አቅሙ ወደ 31 በመቶ ወርዷል።

እዚህ ላይ «እጁ ላይ የሚደርሰው» ያልኩት በምክንያት ነው። በ2016 የወጣው የገቢ ግብር እርከን እስከ 2025 ሳይለወጥ ቆይቷል። ደመወዙ ለኑሮ ውድነት ብቻ የተጨመረለት ሰው እንኳ ወደ ከፍ ያለ የግብር እርከን ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ያልተጣራውን ደመወዝ ካነጻጸርን ኪሳራው ካለው ያነሰ መስሎ ይታየናል።

የቁጠባ ስሌት

ይኸው ሰው በ2019 40,000 ብር ከወለድ ነፃ በሆነ የወዲዓ ሒሳብ አስቀመጠ እንበል። በ2023 ሒሳቡ ላይ ያለው ያው 40,000 ነው። ለ2.65 ስናካፍለው በ2019 ዋጋ 15,100 ብር ገደማ ሆኖ እናገኘዋለን።

«ወለድ ብትወስድ ኖሮ ገንዘብህ አይቀልጥም ነበር» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሪባ ሐራም የሆነው በትርፍና ኪሳራ ስሌት አይደለም፤ ቢሆንም አባባሉን ራሱን በቁጥር እንየው። በእነዚያ ዓመታት የባንኮች ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 40,000 ብር በአራት ዓመት 52,400 ገደማ ይሆናል። ለ2.65 ስናካፍለው 19,800 ብር ነው። ወለድ የበላውም ሰው ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ የመግዛት አቅም አጥቷል።

የራስ ዘንቢል

ኢንዴክሱ የአገር አማካይ ነው። ከግማሽ በላይ ክብደቱ ምግብ ስለሆነ፣ ከገቢው አብዛኛውን ለቤት ኪራይ የሚከፍል የከተማ ሰው ግሽበት ከዚህ ሊለይ ይችላል። መፈተሻው ቀላል ነው። አዘውትራችሁ የምትገዟቸውን አምስት ወይም ስድስት ነገሮች የድሮና የአሁን ዋጋ ጻፉ፤ በየወሩ በምትገዙት መጠን አባዙና ደምሩ። የአሁኑን ድምር ለድሮው ስታካፍሉ የራሳችሁን 2.65 ታገኛላችሁ። ከኢንዴክሱ በጣም ከራቀ መጀመሪያ ወሩ አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከቱ። የመኸር እህል ገበያ ሲገባ ያለውን ዋጋ ከክረምት ዋጋ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

ለሐጅ የሚቆጥብ ደግሞ ጨርሶ ሌላ መለኪያ አለው። የእሱ ዋጋ የሚከተለው ጤፍን ሳይሆን የውጭ ምንዛሪን ነው። በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ይህ ሰው በየዓመቱ መጠየቅ ያለበት «ቁጠባዬ የዘንድሮውን የሐጅ ክፍያ ስንት በመቶ ይሸፍናል?» ብሎ ነው። አምና 60 በመቶ ሸፍኖ ዘንድሮ 45 ከሆነ፣ ብሩ ቢጨምርም ከሐጅ ርቋል።

ስሌቱ የት ይሠራል? የት አይሠራም?

ይህን ያወቀ ሰው «እንግዲያው ለወንድሜ ያበደርኩት 10,000 ብር 26,500 ሆኖ ይመለስልኝ» ሊል ይችላል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ ይህን አይቶ፣ በገንዘብ የተያዘ ዕዳ የሚከፈለው በቁጥሩ ልክ እንደሆነና ከዋጋ ንረት ጋር ማሰር እንደማይፈቀድ ወስኗል። ደመወዝ ግን የተለየ ነው፤ አካዳሚው በ1993 ብሩናይ ላይ በቅጥር ውል ደመወዝን ከዋጋ ለውጥ ጋር ማያያዝ እንደሚፈቀድ ገልጿል። ስለዚህ 15,900 የሚለውን ስሌት ይዞ ከቀጣሪ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ከተበዳሪ ጋር ግን አይቻልም።

ዘካም የሚወጣው ዛሬ በእጅ ባለው ብር ላይ ነው እንጂ በተስተካከለው ቁጥር ላይ አይደለም። «ገንዘቤ ቀልጧል» ብሎ መቀነስ የለም። ኒሷቡ ግን 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር (ማዕድኑ) ስለሆነ በብር ሲተመን በየዓመቱ ይለወጣል። የዛሬ አራት ዓመት የጻፍነውን የኒሷብ ቁጥር ዛሬ መጠቀም፣ ዘካ የማይደርስበትን ሰው እንደ ግዴታ ሊያስከፍለው ይችላል። ሐውሉ ሲሞላ የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ ማስላት ያስፈልጋል።

ወላሁ አዕለም።