ሳይሞቅ የሚፈላ ውሃ

ውሃ ወደ ፓምፕ የሚገባው የአየር ግፊት ገፍቶት ነው። ግፊቱ በባሕር ጠለል 10.3 ሜትር ውሃ ያህላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 7.8 ገደማ ነው። ፓምፑ ከውሃው 4 ሜትር ከፍ ብሎ ቢተከል፣ ከቧንቧው ሰበቃ 1 ሜትርና ከውሃው የትነት ግፊት 0.2 ሜትር ተቀንሶ 2.6 ብቻ ይተርፋል። አምራቹ የጠየቀው ደግሞ 3 ነው።

ግፊቱ ሲጎድል ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። አረፋዎቹ በኢምፔለሩ ክንፎች መግቢያ ተፈጥረው፣ ግፊት ሲያገኙ ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ። የሚወነጨፈው ቀጭን ውሃ ብረቱን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። ምልክቱ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ነው።

የአምራቹ ቁጥር አረፋው የፓምፑን ግፊት በ3 በመቶ የቀነሰበት ነጥብ ነው፤ ስለዚህ እኩል መሆን አይበቃም። ፓምፑን 1.5 ሜትር ዝቅ ብናደርገው 4.1 እናገኛለን፤ ትርፉ 1.1 ሜትር ይሆናል።