የአክታው ውጤት ስንት ፕላስ ነው? በአንድ ፎቶ የማይመለስ ጥያቄ

አንድ የጤና ጣቢያ ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ ማይክሮስኮፑ ላይ ስልኩን ደግኖ የአክታ ስላይድ ፎቶ አነሣ እንበል። ሰማያዊ መደብ ላይ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች ይታያሉ። ቆጠራቸው፤ 14 ናቸው። ፎቶውን ሆስፒታል ለሚሠራ ነባር ባለሙያ በቴሌግራም ላከና «ጋሼ፣ ከ10 በላይ ስለሆነ ሦስት ፕላስ ብዬ ልጻፈው?» ሲል ጠየቀ። ነባሩም «ስንት ፊልድ አየህ?» ብሎ መለሰለት።

ፊልድ የሚባለው በማይክሮስኮፕ መመልከቻ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ቦታ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ባክቴሪያ የሚፈለገው አንድ ሺህ ጊዜ አጉልቶ በሚያሳየው የዘይት ሌንስ ስለሆነ፣ የዚህ ክብ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስላይዱ ላይ የተቀባው አክታ ግን አብዛኛውን ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ፎቶው የሚያሳየው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ቦታ ነው።

ቀዩ ቀለም የሚመጣው ዚል ኒልሰን ከሚባለው የማቅለም ዘዴ ነው። በደረቀው አክታ ላይ ካርቦል ፉክሲን የተባለ ቀይ ቀለም ይፈስስበትና ሳይፈላ እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ከሥር ይሞቃል። ከዚያ በአሲድ አልኮል ይታጠባል። ሌላው ነገር ሁሉ ቀዩን ሲለቅ፣ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ግድግዳው ሰም በመሰለ ስብ የተሞላ ስለሆነ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል። በመጨረሻ ሜቲሊን ብሉ ሲጨመር መደቡ ሰማያዊ ይሆንና ቀዮቹ ጎልተው ይወጣሉ።

ባለሙያው ስላይዱን ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ በመካከለኛው መስመር ፊልድ በፊልድ እየገፋ ያነባል። የ2 ሴንቲ ሜትሩ ርዝመት ሲያልቅ 100 ፊልድ ያህል አይቷል ማለት ነው። የደረጃው አሰጣጥም በዚህ ላይ ይመሠረታል። በ100 ፊልድ ምንም ካልታየ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው። ከ1 እስከ 9 ከታየ «ስካንቲ» ይባልና ቁጥሩ ራሱ ይጻፋል። በ100ው ፊልድ በድምሩ ከ10 እስከ 99 ከተገኘ አንድ ፕላስ ነው። በየፊልዱ ከ1 እስከ 10 የሚታይ ከሆነና ይህም ቢያንስ በ50 ፊልድ ከተረጋገጠ ሁለት ፕላስ ይሆናል። በየፊልዱ ከ10 በላይ ሆኖ ቢያንስ በ20 ፊልድ ከታየ ደግሞ ሦስት ፕላስ ነው። የወጣቱ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ «ከ10 በላይ» የሚለውን ያዘና «በ20 ፊልድ» የሚለውን ተወ።

ወደ ስላይዱ ተመልሶ ከጫፍ ጀምሮ ሲቆጥር ሌላ ታሪክ ይገጥመዋል። ብዙዎቹ ፊልዶች ባዶ ናቸው፤ አንዳንዶቹ አንድ ወይም ሁለት ባክቴሪያ አላቸው። ከተነሣው ፊልድ ውጭ ባሉት 99 ፊልዶች ያገኘው 57 ነው። 14ቱ ሲጨመሩ 71 ይሆናሉ። ይህ በደረጃው መሠረት አንድ ፕላስ ነው። አክታ እንደ ወተት ተስተካክሎ የሚሰራጭ ፈሳሽ ስላልሆነ ባክቴሪያው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሌላውን ባዶ ሊተወው ይችላል። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ደግሞ ባዶውን ፊልድ አያነሣም፤ ዐይኑ የሞላበትን ነው የሚመርጠው። ስለዚህ አንድ የተመረጠ ፎቶ ውጤቱን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወደ ላይ ይገፋዋል።

ፎቶው በሌላ መንገድም ያሳስታል። የስልኩ ምስል አራት ማዕዘን፣ ፊልዱ ግን ክብ ነው። ምስሉ ክቡን ሳያልፍ ከውስጡ ከተቆረጠ የሚይዘው የክቡን 60 በመቶ ገደማ ነው። ስክሪኑ ላይ ጣት ዘርግቶ ማጉላት ከተጨመረበት ደግሞ የታየው ቦታ ስንት እንደሆነ ጭራሽ አይታወቅም። ባለሙያ በመመልከቻው ሲያይ ማስተካከያውን በትንሹ እያዞረ ተደራርበው የተኙትን ባክቴሪያዎች ይለያል፤ በፎቶ ግን ትኩረቱ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ስለሆነ ሦስቱ አንድ መስለው ሊቀሩ ይችላሉ። ስልኩ ቀለሙን በራሱ ሲያስተካክልም ሐመሩ ቀይ ወደ ሐምራዊ ሄዶ ከመደቡ ጋር ይቀላቀላል።

ቀይ የሆነ ሁሉም ባክቴሪያ አይደለም። ያልተጣራ ካርቦል ፉክሲን ትንንሽ የቀለም ቅንጣቶችን ይተዋል፤ የተጫረ ስላይድም ቀለሙን በጭረቱ ውስጥ ይይዛል። ባለሙያ እነዚህን የሚለየው ማስተካከያውን ሲያዞር ነው፤ የቀለም ቅንጣት ብዙውን ጊዜ ከአክታው ንጣፍ በላይ ተቀምጦ ጥርት የሚለው በሌላ ከፍታ ነው። ሦስት ፕላስ ከሆነ ስላይድ በኋላ ሌንሱ ሳይጠረግ ሌላ ስላይድ ከተነበበ ደግሞ ዘይቱ የመጀመሪያውን ሰው ባክቴሪያ ይዞ ሊሻገር ይችላል። በተከታታይ ስላይዶች ላይ አንድ ሁለት ባክቴሪያ ብቻ መታየት ሲጀምር ነባር ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንን ነው።

ታዲያ ፎቶ ለምን ይጠቅማል? «ይህ ነገር ባክቴሪያ ነው ወይስ የቀለም ቅንጣት?» ብሎ ለመማከር፣ የማቅለሙን ጥራት ለማሳየት፣ ተማሪ ለማስተማር ጥሩ ነው። ደረጃ ይሰጥበት ከተባለ ግን ሳይመረጡ በቅደም ተከተል የተነሡ፣ ማጉላታቸው አንድ የሆነ፣ ተራ ቁጥር ያላቸውና ክቡን በሙሉ የያዙ ፎቶዎች ያስፈልጋሉ። ለኔጌቲቭ ውጤት ይህ 100 ፎቶ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ስላይዱን ራሱን አስቀምጦ ለሁለተኛ አንባቢ መላክ ይቀላል። የጥራት ቁጥጥርም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ ያነብና ልዩነቱ ከአንድ ደረጃ በላይ ከሆነ የቆጠራ ስሕተት ተብሎ ይመዘገባል።

100 ፊልድ በሙሉ ቢነበብም ገደብ አለ። ከላይ በተጠቀሰው ስፋት አንድ ስላይድ ከ6,000 በላይ ፊልዶች አሉት፤ 100 ፊልድ ያነበበ ሰው ከ60 አንዱን እጅ ያህል ነው ያየው። ስላይዱ ላይ የሚቀባው አክታ 0.01 ሚሊ ሊትር ያህል ነው ብለን ብናስብ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 10,000 ባክቴሪያ ያለው አክታ ስላይዱ ላይ የሚያሳርፈው 100 ነው፤ ከእነዚህ በ100 ፊልድ ውስጥ የሚገኘው በአማካይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ማይክሮስኮፕ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ከሌለ አያገኝም የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚህ ሌላ ቀለሙ የሞተውን ባክቴሪያ ከሕያው አይለይም። መድኃኒት ሁለት ወር የወሰደ ሰው አክታ ላይ የታየ ስካንቲ መድኃኒቱ አልሠራም ለማለት ብቻውን አይበቃም፤ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል።

እንግዲህ የውጤት ወረቀት የያዘ አንባቢ እነዚህን ይያዝ። ስካንቲ ኔጌቲቭ አይደለም፤ ከጎኑ ቁጥር መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ይጠይቅ። በክትትል ጊዜ የዛሬው ፕላስ ካለፈው ጋር የሚነጻጸረው ሁለቱም በተሟላ ቆጠራ ከተሰጡ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ደግሞ የማይክሮስኮፕ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው ተብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ ተመልሶ ሄዶ በጂን ኤክስፐርት ይመርመር።