መቶ በመቶ ሥራ ላይ፣ ግን ምንም አይሠራም

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ «ቫይረስ ገብቶበታል» ወይም «አርጅቷል»። ፕሮሰሰር ግን እንደ ሰው ጉልበቱ አይከዳውም። ከስምንት ዓመት በፊት የሠራውን ስሌት ዛሬም በዚያው ፍጥነት ይሠራል። የሚለወጠው ሸክሙ ነው፤ ዊንዶውስ በየዝመናው ይከብዳል፣ ድረ ገጹም ይከብዳል፣ ላፕቶፑ ሲበራ ሳንጠራቸው አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችም ይበዛሉ።

የእህቴ ልጅ በ2010 ዓ.ም. የተገዛላትን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርጌዋለሁ። ሁለት ወር ይሻለውና ይመለስበታል» አለችኝ። አብርተን ሰዓት ያዝን። ብሮውዘሩ እስኪከፈት አራት ደቂቃ አለፈ። Ctrl+Shift+Esc ተጭኜ Task Manager ከፈትኩና Performance ወደሚለው ገባሁ። CPU 12%፣ Memory 91%፣ Disk 100%።

ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ዲስኩ ግን መቶ በመቶ ተይዟል፤ በሴኮንድ የሚያነበው ደግሞ 0.8 ሜጋባይት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዲስኩ ሞልቷል ይላል። መቶው ስለ ቦታ አይናገርም፤ ዲስኩ ፋታ አጥቷል ማለት ነው። ፋታ እያጣ እንዲህ ጥቂት የሚያነብበትን ምክንያት ማወቅ የነገሩ ቁልፍ ነው።

የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ በብዛት በደቂቃ 5400 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 90 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበው ክንድ መጀመሪያ ትክክለኛው መስመር ላይ መድረስ፣ ከዚያ የሚፈለገው ቁራጭ ዞሮ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። ይህ ለአንድ ቁራጭ 15 ሚሊሴኮንድ አካባቢ ይፈጃል፤ ስለዚህ የተበታተኑ ቁራጮችን በሴኮንድ ከስልሳና ሰባ በላይ ማንሳት አይችልም። ቁራጩ 4 ኪሎባይት ከሆነ በሴኮንድ ሩብ ሜጋባይት ገደማ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ፋይል በብዙ ሺህ ነው። ክንዱ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል እንጂ አልሰነፈም። ኤስኤስዲ ክንድም ሳህንም ስለሌለው ይህንኑ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያነሳል።

ፎርማቱ ለጊዜው የረዳትም ለዚህ ነው። አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ስለጠፉ ክንዱ ትንሽ አረፈ፤ ተመልሰው ሲጫኑ ወደ ነበረበት ገባ። ራሟም 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ያሸሻል፤ በዚያው ክንድ ላይ ሌላ ሸክም መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን አደረግን። Startup በሚለው ስር ከተደረደሩት አሥራ አንድ ፕሮግራሞች ዘጠኙን Disable አልናቸው። ከዚያ Up time የሚለውን አሳየኋት፤ 23 ቀን ይላል። «ማታ ማታ እዘጋዋለሁ እኮ!» አለች። እውነቷን ነው። ዊንዶውስ በ Shut down ሲዘጋ ግን ዋናውን ክፍል ለነገ እንዲፈጥን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያድራል፤ ከሥሩ አዲስ ሆኖ የሚነሳው በ Restart ነው። በሳምንት አንዴ Restart ማለት ምንም አያስወጣም፣ ብዙዎቻችን ግን አናደርገውም።

ከዚያ ፋይሏን ገልብጠን 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ገጠምን፤ 4 ጊጋባይት ራምም ጨመርን። ራም ከመግዛታችሁ በፊት ክፍት ማስገቢያ መኖሩንና ዓይነቱ DDR3 ይሁን DDR4 እዩ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ከቦርዱ ጋር ተበይዷል። አራት ደቂቃው ወደ 35 ሴኮንድ ወረደ።

ዲስኩ ረጋ ብሎ ላፕቶፑ ከዘገየ ግን ኤስኤስዲ አትግዙ። ከባድ ሥራ ላይ እያለ ማራገቢያው የሚጮህ፣ Speed የሚለውም ከ Base speed በታች የሚወርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አልጋ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ የምትሠሩ እባካችሁ ተዉ፤ አየር የሚስብበትን ቀዳዳ እየደፈናችሁበት ነው። የአየር መውጫው በአቧራ ተደፍኖ ከሆነም ማስጠረግ ይበቃል።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ አልጣልነውም። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ስለሌለው በዩኤስቢ ቤት አስገብተን የቤተሰቡን የሠርግ ቪዲዮ ገለበጥንበት። አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲጻፍበት ክንዱ መመላለስ የለበትም፤ ያ በሴኮንድ 0.8 ሜጋባይት ያስለቀሰን ዲስክ በሴኮንድ ከ80 ሜጋባይት በላይ ይጽፍ ነበር።