የጥር እርከን በሰኔ ሲመዘን

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ምዘና በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ታኅሣሥ ሲያልቅ፣ ሌላው ሰኔ ሲዘጋ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ይህ አያስቸግርም። በሰቆጣ ዙሪያ ቀበሌዎች ለሚሠራ የልማት ሠራተኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥርና የካቲትን ከገበሬው ጋር ተራራ ላይ ያሳልፋል፤ እርከን ያሠራል፣ ቦረቦር ያስከትራል። ሰኔ ላይ ደግሞ ማዳበሪያና ዘር ይመጣል፣ ወይም ይዘገያል፣ ገበሬውም ወረዳ ድረስ መጥቶ ያማርራል። ሱፐርቫይዘሩ የምዘና ቅጹን የሚሞላው በዚሁ ግርግር መሃል ነው። ሠራተኛው ያላዘገየው ማዳበሪያ የስድስት ወር ነጥቡን ይዞበት ይወርዳል።

ለዚህ «ፍትሐዊ ሁኑ» የሚል ማሳሰቢያ ቅጹ ግርጌ ላይ መጻፍ ምንም አይፈይድም። ሰው የሚያስታውሰው የቅርቡን ነው፤ ቅጹ ራሱ ጥርን ማስታወስ አለበት። ስለዚህ እኔ የምነድፈው ቅጽ ፊተኛው ገጽ ላይ ነጥብ የለውም። ከጥር እስከ ሰኔ ስድስት ረድፍ ብቻ አለ። በእያንዳንዱ ረድፍ ሱፐርቫይዘሩ ቀበሌው የሄደበትን ቀን፣ ያየውን ሥራና የት እንዳየው በሁለት መስመር ይጽፋል፤ ሠራተኛውም እዚያው ይፈርማል። የነጥቡ ገጽ ሌላ ነው፤ የሚሰጠውም ሰኔ ላይ ነው። የተፋሰስ ሥራ ነጥብ የጥር ወይም የካቲት ማስታወሻ ካልተጠቀሰበት አይያዝም።

ሁለተኛው ጣጣ ከዚህ የረቀቀ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ቁመና፣ ብልህነት፣ አመራርና ጠባይ ሲመዝኑ የሰጧቸው ነጥቦች ከሚገባው በላይ አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ አሳየ። አንዱ ጥሩ ጎን ሌሎቹን ሁሉ ያበራቸዋል። እዚህ እኛ ዘንድ ያ ብርሃን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሪፖርት ነው። ሪፖርቱን በሰዓቱ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የሚያቀርብ ሠራተኛ በእርከን ጥራትም፣ በገበሬ ሥልጠናም፣ በንብ እርባታም ከፍተኛ ያገኛል።

መድኃኒቱ የቅጹን አቅጣጫ መገልበጥ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ቅጽ ሲሰጥ ሱፐርቫይዘሩ ስለ ሰውየው ያለውን ስሜት ይዞ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። እኔ ገጹን ለመስፈርቱ እሰጠዋለሁ። «የእርከን ጥራት» የሚለው ገጽ ላይ ሱፐርቫይዘሩ የሚመዝናቸው የስድስቱም ሠራተኞች ስም አለ፤ ስድስቱም ካልተመዘኑ ወደ ቀጣዩ ገጽ አይታለፍም። ጥያቄው «እሱ እንዴት ነው?» መሆኑ ይቀርና «የማን እርከን እንዴት ነው?» ይሆናል። ነጥቡም በቃላት ይታሰራል። 4 ማለት እርከኑ በውሃ ልክ ተለክቶ ተሠርቷል፣ የፈረሰውም ተጠግኗል። 2 ማለት በሪፖርቱ የተጻፈው ርዝመት መሬት ላይ አለ፤ ልኬቱ ግን ተስቶ ውሃ በአንድ በኩል ሰብሮታል። «በጣም ጥሩ» የሚል ቃል የለም። ድምሩንም ሱፐርቫይዘሩ አይሠራውም፤ ድምር ከፊቱ ካለ ወደሚፈልገው ቁጥር ይመልሰዋልና።

ይህም ቅጽ ቢሆን ይታለላል። ስድስቱ ወር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ አጣጣል ተሞልቶ ከመጣ የሰኔ መጨረሻ ምሽት ሥራ ነው፤ ቀኖቹን ከመስክ ውሎ አበል ጋር ማመሳከር ይበቃል። የአንድ ሰው ነጥብ በሁሉም መስፈርት እኩል መሆኑ ግን ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ በሁሉም የሚበልጥ ሰው አለና። እዚያ ላይ ነጥቡን አልነካም፣ ማስታወሻውን እጠይቃለሁ።

ብዙ ክርክር የሚያስነሳው «አላየሁም» የሚለው ሳጥን ነው። የቀደመው ቅጽ ይህ ስላልነበረው ሱፐርቫይዘሩ ያላየውን ሥራ በአጠቃላይ ስሜቱ ይሞላው ነበር፤ መንገድ ዳር ያለው ቀበሌ በታየው፣ በእግር የሚደረሰው በተገመተው ይመዘን ነበር። ሳጥኑ ሲገባ አንዳንዱ ቅጽ በ«አላየሁም» ተሞልቶ ይመጣል፤ ሱፐርቫይዘሮችም አይወዱትም፣ የሚያጋልጠው እነሱን ነውና። ለሠራተኛው ግን መጉዳት የለበትም። ከ100 የ20 ነጥቡ መስፈርት ካልታየ ቀሪው 80 ሙሉ ይሆናል፤ ከዚያ 60 ያገኘ ሰው 75 በመቶ አገኘ ማለት ነው። ያልታየው ከግማሽ ከበለጠ ግን ነጥብ አይሰጥም፤ ሌላ ባለሙያ ቀበሌው ሄዶ እስኪያይ ምዘናው ይቆያል፣ የዘገየበትም ምክንያት የሱፐርቫይዘሩ ፋይል ውስጥ ይገባል።